ቦቶክስ ግንባር ላይ፦ ምን ያለሰልሳል፣ ምን ይቀራል፣ መቼስ ይለቃል?



ሰሞኑን በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝ ይሄን ነው፦ «ዶክተር፣ ግንባሬ ላይ ቦቶክስ ብወጋ ሽብሽቡ ይጠፋል? ካቆምኩትስ አይብስብኝም?» ጠያቂዎቹ ሴቶች ብቻ እንዳይመስሏችሁ። «ሁሌ የተቆጣህ ትመስላለህ» መባል የሰለቻቸው ወንዶችም አሉ። ዛሬ የምናወራው ስለ ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ በቅንድብ መሀል ስለሚወጣው መቋጠርና ግንባር ላይ በአግድም ስለሚሰመረው መስመር። የዐይን ጥጉንና ሌላውን ለሌላ ቀን እናቆየው።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ። ሸጎሌ በምሠራበት ክሊኒክ ይሄን መርፌ አንሰጥም። ሰዎች ከመወጋታቸው በፊት ጤናቸውን አይቼ ወደ ቆዳ ሐኪም እልካለሁ፤ ከተወጉ በኋላ ደግሞ ግራ ሲገባቸው ወደ እኔ ይመለሳሉ። ስለዚህ የምሸጥላችሁ ነገር የለኝም፣ የማየውን ነው የምነግራችሁ።

አሁን የስልካችሁን ካሜራ ወደ ፊታችሁ አዙሩና አንድ ነገር አብረን እንሞክር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመታችሁ እንደምታደርጉት ፊታችሁን ቋጥሩ። በቅንድቦቻችሁ መሀል እንደ 11 ቁጥር ቁመው የሚታዩት ሁለት መስመሮች ቅንድብን ወደ ውስጥና ወደ ታች የሚስቡ ጡንቻዎች ሥራ ናቸው። አሁን ደግሞ እንደተገረመ ሰው ቅንድባችሁን ወደ ላይ ሳቡ። ግንባራችሁ ላይ በአግድም የተሰመረው የሌላ ጡንቻ ሥራ ነው፤ ይሄኛው ቅንድብን ወደ ላይ የሚያነሳ ነው። በመጨረሻ ፊታችሁን ሙሉ በሙሉ ዘና አድርጉና ፎቶ አንሱ። ፊታችሁ ሲያርፍ አብሮ የሚጠፋው መስመር የእንቅስቃሴ መስመር ነው። ፊታችሁ አርፎም የሚቀረው ግን ለዓመታት ከመታጠፍ ብዛት ቆዳው ላይ የተቀረጸ ነው። መርፌው በዋናነት የሚሠራው የመጀመሪያው ላይ ነው። ብዙ ሰው «ገንዘቤን በከንቱ ከሰከስኩ» የሚለው ይሄን ልዩነት ቀድሞ የነገረው ስለሌለ ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው? ቦቶክስ የአንድ ምርት የንግድ ስም ነው። መድኃኒቱ ቦቱሊነም ቶክሲን ይባላል። አዎ፣ በደንብ ሳይዘጋጅ በታሸገ ምግብ ውስጥ የሚያድግ ባክቴሪያ የሚሠራው መርዝ ራሱ ነው፤ ግን ተጣርቶ፣ በጣም በትንሽ መጠን ተለክቶ የሚሰጥ። ጡንቻ እንዲኮማተር ነርቭ መልእክት መላክ አለበት። መልእክቱ አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ነው፤ በነርቩ ጫፍ ላይ በጥቃቅን ከረጢቶች ተሞልቶ ይጠብቃል። ቶክሲኑ ነርቩ ጫፍ ውስጥ ይገባና ከረጢቶቹን የሚከፍተውን ፕሮቲን ይቆርጠዋል። ነርቩ አልሞተም፣ ጡንቻውም አልተጎዳም፤ የተቋረጠው መልእክቱ ብቻ ነው። ጡንቻው ስላልታዘዘ አይኮማተርም፣ ካልተኮማተረ ደግሞ ከላዩ ያለው ቆዳ አይታጠፍም።

ከዚህ ሁለት ነገር ትረዳላችሁ። አንደኛ፣ መርፌው መስመሩን የሚሞላ ነገር አይደለም። የሚሞላው ፊለር የሚባለው ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው። (በነገራችን ላይ በቅንድብ መሀል ፊለር መወጋት ፊት ላይ ካሉት አደገኛ ቦታዎች አንዱ ነው፤ ፊለሩ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ሁለቱን ደባልቆ የሚያወራ ሰው ጋ አትወጉ።) ሁለተኛ፣ ቶክሲኑ ገብቶ ሥራውን እስኪሠራ ቀናት ይፈጃል። ተወግቶ በዚያው ቀን «ምንም አልተለወጠም» ማለት እንጀራ ምጣድ ላይ ሳይሰፋ እንደመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፤ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ቅንድብን ወደ ታች የሚስቡ ጡንቻዎች ብዙ ናቸው፤ ወደ ላይ የሚያነሳው ግን አንድ ነው፣ የግንባሩ ጡንቻ። አንድ ሰው «ግንባሬ ላይ ያሉትን አግድም መስመሮች ብቻ አጥፉልኝ» ብሎ ብዙ መጠን ቢወጋ የሚያነሳው ጡንቻ ይተኛል፣ ወደ ታች የሚጎትቱት ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ውጤቱ የወረደ ቅንድብ፣ የከበደ ዐይን፣ የደከመ ፊት ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ ቦታዎች አብረው ታይተው የሚወጉት፤ የግንባሩ መጠን ደግሞ በቁጠባ ነው የሚሰጠው።

የመድኃኒቱ ታሪክም ይሄንኑ ያሳያል። በካናዳ ቫንኩቨር ጂን ካሩዘርስ የተባሉ የዐይን ሐኪም የዐይን ቆባቸው ያለማቋረጥ የሚጨማተርባቸውን ሰዎች በዚህ መርፌ ሲያክሙ የታካሚዎቹ የቅንድብ መሀል መስመር ሲለሰልስ አዩ። ከባለቤታቸው ከቆዳ ሐኪሙ አላስቴር ካሩዘርስ ጋር ሆነው ይሄንን በ1992 እ.ኤ.አ. ጽፈው አወጡ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለቅንድብ መሀል መስመር የፈቀደው በ2002 ነው። ለግንባር መስመር የፈቀደው ግን ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ያኔም የምርቱ መመሪያ ቅንድብ እንዳይወርድ የግንባሩ ከቅንድብ መሀሉ ጋር አብሮ ይወጋ ይላል።

አንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሄደ ልንገራችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፤ እሳቸውም እንድጽፈው ፈቅደዋል። የ43 ዓመት አስተማሪ ናቸው። ተማሪዎቻቸው «ቲቸር ተቆጡ እንዴ?» እያሉ ያስቸግሯቸዋል። ጥር አጋማሽ ላይ የታናሽ እህታቸው ሰርግ ስለነበር «ለሰርጉ ፊቴ እንዲፈታ እፈልጋለሁ» ብለው ኅዳር መጨረሻ ላይ መጡ።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው ስለ ጤናቸው ነው። እርጉዝ ነዎት? ያጠባሉ? እንደ ማያስቴኒያ ግራቪስ ያለ ነርቭና ጡንቻ የሚያደክም ሕመም አለብዎት? መርፌው በሚወጋበት ቦታ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን አለ? ሰሞኑን ጀንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን ተወግተዋል? የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ይገረምበታል፤ ግን እነዚህ አንቲባዮቲኮች ራሳቸው ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን መልእክት ስለሚያዳክሙ የቶክሲኑን ኃይል ሊጨምሩ ይችላሉ። እኛ አገር ደግሞ ጀንታማይሲን ብርቅ መርፌ አይደለም። እሳቸው ከእነዚህ አንዱም አልነበረባቸውም። ለራስ ምታት አልፎ አልፎ አስፕሪን ይወስዱ ስለነበር ቆዳ ሥር ደም እንዳይቋጥርና እንዳይበልዝ ለጥቂት ቀናት እንዲተዉት ነገርኳቸው። (ለልብ ወይም ለደም ሥር በሐኪም ትእዛዝ አስፕሪን የምትወስዱ ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ።)

ፊታቸውን ዘና አድርገው ሳያቸው በግራ ቅንድባቸው ጫፍ ያለው ቁም መስመር ሳይቋጥሩም ይታያል። የቀኙ ግን ሲያርፉ ይጠፋል። ቅንድባቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው፤ ሲያወሩም ሳያውቁት በግንባራቸው ጡንቻ ከፍ እያደረጉ ነው የሚይዙት። «እትዬ፣ የግራው መስመር ይቀንሳል እንጂ ላይጠፋ ይችላል። ግንባርዎ ላይ ደግሞ ብዙ መወጋት የለብዎትም» አልኳቸው። ብዙም ደስ አላላቸውም።

የቆዳ ሐኪሙ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ወጋቸው። በቅንድብ መሀል የተለመደው መጠን አምስት ቦታ ላይ 4 ዩኒት እየሆነ በጠቅላላው 20 ዩኒት ነው፤ እሱን ሰጣቸው። ግንባር ላይ በመመሪያው ሌላ 20 ዩኒት ይሰጣል፤ ለእሳቸው ግን ዝቅ ያለ ቅንድባቸውን አይቶ 10 ዩኒት ብቻ ሰጠ፣ እሱንም ከቅንድብ ርቆ ከላይ በኩል። መወጋቱ ራሱ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ እንደ ትንኝ ንክሻ የሚመስል ትንንሽ እብጠት ይኖራል፣ በዚያው ሰዓት ይጠፋል።

ከዚያ ምን ማድረግ አለባችሁ? ለጥቂት ሰዓታት ቦታውን አለማሸት፣ አለመጫን፣ አለመተኛት። ለእኛ ሰው በግልጽ ላስቀምጠው፦ በዚያ ቀን ሻሽ ግንባራችሁ ላይ አጥብቃችሁ አትሰሩ፣ ፀጉር ቤት ሄዳችሁ ካስክ ውስጥ አትግቡ፣ ሹሩባም አትሠሩ። ግንባር መሬት የሚነካ ስግደት ያላችሁ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም፣ ቀጠሮውን ከጸሎታችሁ በኋላ አድርጉት። ቶክሲኑ ካልተፈለገበት ቦታ እንዳይደርስ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። ሳታስቡት ግንባራችሁን ብትነኩ ግን ተበላሸ ብላችሁ አትደንግጡ።

እትዬ በሦስተኛው ቀን «ትንሽ የከበደኝ መሰለኝ» ብለው ደወሉ። ይሄ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ሰው ለውጡ የሚጀምረው ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሙሉ ውጤቱ የሚታየው በሁለት ሳምንት ነው። በ14ኛው ቀን መጥተው በመጀመሪያው ቀን ባነሳሁበት መስኮት አጠገብ፣ በዚያው ብርሃን ፎቶ አነሳኋቸው። ለመቋጠር ሲሞክሩ ቅንድባቸው አልተንቀሳቀሰም። የቀኙ መስመር የለም። የግራው እንደ ቀጭን ጭረት ይታያል። ግንባራቸው ላይ ቅንድባቸውን ከፍ ሲያደርጉ ከላይ ሁለት ስስ መስመር ይወጣል፤ ሐኪሙ ሆን ብሎ የተወው ነው፣ ቅንድባቸውን የሚይዝላቸው ያ ነውና። «ለምን ሙሉ በሙሉ አላጠፋውም?» ብለው ጠየቁኝ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳሳያቸው ቅንድባቸው በነበረበት ቦታ እንደቆመ አዩ። ምንም የማይንቀሳቀስ ግንባር ጥሩ ውጤት ነው የሚል እምነት አለ፤ እኔ አልስማማም።

የሰርጉ ቀን ከተወጉ ስድስተኛ ሳምንታቸው ነበር፤ ጥሩ ጊዜ ነው። ለጥር ሰርግ ያሰበ ሰው ታኅሣሥ መጀመሪያ ይወጋ፣ በሰርጉ ሳምንት አይወጋ። ውጤቱ ሙሉ ለመሆን ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ የሚስተካከል ነገር ቢኖርም ሌላ ሁለት ሳምንት ያስፈልጋል።

ምን ሊበላሽ ይችላል? ቀላሉ ቦታው መበለዝና ራስ ምታት ነው፤ በቀናት ውስጥ ይለቃሉ። ሰው የሚደናገረው በሁለት ዓይነት መውረድ ላይ ነው። አንዱ የቅንድብ መውረድ ነው፦ ሁለቱም ቅንድቦች ይከብዳሉ፣ ከዐይን በላይ ያለው ቆዳ የተጫነ ይመስላል፣ ዐይኑ ግን በደንብ ይከፈታል። ይሄ ግንባሩ ላይ መጠን ሲበዛ ወይም ወደ ቅንድብ ተጠግቶ ሲወጋ የሚመጣ ነው። ሌላው የዐይን ቆብ መውረድ ነው፦ ብዙውን ጊዜ የአንድ ዐይን ቆብ ወርዶ ብሌኑን በከፊል ይሸፍናል፣ ቅንድቡ ግን ቦታው ላይ ነው። ይሄ የሚሆነው በቅንድብ መሀል የተወጋው መድኃኒት ሾልኮ ቆቡን የሚያነሳው ጡንቻ ጋ ሲደርስ ነው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይታያሉ። የቆቡ በሳምንታት ይመለሳል፣ እስኪመለስ ቆቡን ትንሽ ከፍ የሚያደርግ የዐይን ጠብታ ሐኪም ሊያዝ ይችላል። የቅንድቡ ግን መድኃኒቱ እስኪለቅ መጠበቅ ይፈልጋል። ሦስተኛም አለ፤ የቅንድብ የውጪ ጫፍ ወደ ላይ ተሰቅሎ እንደ ፊልም ክፉ ሰው ያስመስላል። እሱ በጣም ትንሽ መጠን፣ አንድ ሁለት ዩኒት፣ ተጨምሮ ይስተካከላል። ስለዚህ ጎደለ ወይም ተዛባ ብላችሁ በአምስተኛው ቀን ሌላ ቦታ ሄዳችሁ አታስጨምሩ፣ 14 ቀን ጠብቁና የወጋችሁ ሐኪም ጋ ተመለሱ።

አሁን የምነግራችሁ ግን የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ከሰዓታት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ መዋጥ ካቃታችሁ፣ ድምፃችሁ ከተለወጠ ወይም አንደበታችሁ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያችሁ፣ መተንፈስ ከከበዳችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ መወጋታችሁንም ተናገሩ። ትክክለኛ ምርት በትክክለኛ መጠን ሲወጋ ግንባር ላይ ይሄ እጅግ ብርቅ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ 22 ሰዎች፣ በ11 ክፍለ ግዛቶች፣ በሐሰተኛ ወይም በአግባቡ ባልተያዘ መርፌ ምክንያት ታመው ሪፖርት ተደርጓል፤ ግማሾቹ ሆስፒታል ተኝተዋል። ብዙዎቹ የተወጉት ፈቃድ በሌለው ሰው ወይም በመኖሪያ ቤትና በስፓ ውስጥ ነበር።

ለዚህ ነው ብልቃጡን ማየት ያለባችሁ። መድኃኒቱ የሚመጣው በብልቃጥ እንደ ደረቀ ዱቄት ሆኖ ነው፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል፣ ሊወጋ ሲል በኖርማል ሳላይን ይበጠበጣል። 100 ዩኒት ያለው ብልቃጥ በ2.5 ሚሊ ሊትር ቢበጠበጥ እያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር 4 ዩኒት ይይዛል። በ5 ሚሊ ሊትር ከተበጠበጠ ግን ያው 0.1 ሚሊ ሊትር 2 ዩኒት ብቻ ነው። ስለዚህ «አንድ ሲሪንጅ ሙሉ ወጋኋችሁ» የሚለው ምንም አይነግራችሁም፤ ስንት ዩኒት፣ የትኛው ምርት ብላችሁ ጠይቁ። ምርቱም ይለያያል፦ የቦቶክስ 20 ዩኒት ለቅንድብ መሀል የሚሰጥ ሲሆን የዲስፖርት ግን ለዚያው ቦታ 50 ዩኒት ነው። ዲስፖርት 50 ተወጋች ሲባል ከመጠን በላይ ሆነ ማለት አይደለም፤ የአንዱን ቁጥር ለሌላው መውሰድ ግን አደጋ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ፍሪጁ ጄኔሬተር አለው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አይቀየማችሁም። በቴሌግራም የሚሸጥ፣ መለያና የማብቂያ ቀን የሌለው ብልቃጥ ሲቀርብላችሁ ተነስታችሁ ውጡ።

ወደ እትዬ እንመለስ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ ሦስተኛ ወራቸው ሲሞላ፣ ቅንድባቸው ትንሽ መቋጠር ጀመረ። ሚያዝያ ላይ እንደ ድሮው ሆነ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ነርቩ መጀመሪያ በጎን ትንንሽ አዳዲስ ቅርንጫፎች ያወጣና በእነሱ መልእክት ይልካል፤ በኋላ የቀድሞው ጫፍ ሥራውን ሲጀምር ቅርንጫፎቹ ይመለሳሉ። ብዙ ሰው ላይ ከሦስት እስከ አራት ወር ይቆያል። አንዳንዱ ላይ ቶሎ ይለቃል፣ በተለይ ጠንካራና ወፍራም የቅንድብ መሀል ጡንቻ ያላቸው ወንዶች ላይ በተለመደው መጠን ቶሎ ሊለቅ ይችላል።

ሲለቅ ይብሳል ወይ? እትዬም ሚያዝያ ላይ «ከበፊቱ የባሰብኝ ይመስለኛል» ብለው ነው የመጡት። የኅዳሩን ፎቶ አውጥተን አነጻጸርነው፤ ያው ነው፣ እንዲያውም የግራው መስመር ከኅዳሩ በትንሹ ሳሳ ያለ ነበር፣ ለአራት ወር ሳይታጠፍ አርፏልና። የባሰ የመሰላቸው ዐይናቸው የተፈታውን ግንባር ስለለመደ ነው። መርፌውን መተው የሚመልሳችሁ ወደነበራችሁበት ነው። ፎቶ አንሱ የምላችሁ ለዚህ ነው፤ ከመወጋታችሁ በፊት፣ አርፋችሁና ቋጥራችሁ፣ ተመሳሳይ ብርሃን ላይ።

መድገም የሚፈልግ ሰው ከሦስት ወር በታች አይድገም። ቶሎ ቶሎና በብዛት መወጋት ሰውነት መድኃኒቱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል እንዲሠራ ዕድል ይሰጣል፤ ብርቅ ቢሆንም ከተፈጠረ መርፌው አይሠራላችሁም። እትዬ አልደገሙም። ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ባለ ከተማ ፀሐይዋ ኃይለኛ ስለሆነች ጥሩ የፀሐይ መነጽር ገዝተው ከቤት ሲወጡ ያደርጋሉ፣ ፊታቸውን የሚቋጥሩበት ምክንያት አንዱ ቀነሰላቸው። ለቀጣዩ ጥር ሌላ ሰርግ አለባቸው፤ ግንባሩን ትተው የቅንድብ መሀሉን ብቻ ለመወጋት ከቆዳ ሐኪሙ ጋር ለኅዳር መጨረሻ ቀጠሮ ይዘዋል።